የሰም ፍርፋሪ

አባቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ። የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ጅማ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ከዚያ ቦንጋ፣ እኔ ቤት ተኛ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ጥሩ ዜና በቶሎ ካልሰማሁ ሰው አላስቀምጥም።

እግሩ ሲያብጥ ሐኪሙ ዲ-ዳይመር የሚባል የደም ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ ከፍ ብሎ መጣ፤ ክው አልኩ። የእግሩ ደም ሥር በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን የረጋ ደም አልተገኘም።

«አይዞሽ» አለኝ ሐኪሙ። «ቁስል ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋውን እንደ ክር ያለ ፕሮቲን አጥብቆ ይይዘዋል። ቁስሉ ሲድን ሰውነት ራሱ ክሩን በኢንዛይም እየቆራረጠ ያሟሟዋል። ዲ-ዳይመር ማለት ያ ቁርጥራጭ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከፍ ማለቱ ይጠበቃል።»

ለአባቴ በካፊኛ አስረዳሁት። እሱም፣ «ከቀፎው ሥር መሬት ላይ የሰም ፍርፋሪ ሳይ እላይ ሥራ እንዳለ አውቃለሁ» አለ። «ንቦቹ እያጸዱ ይሁን ትል ሰሙን እየበላው፣ ከታች ሆነሽ አታውቂም። ወጥቶ ማየት ነው።»

«አባዬ፣ ዛፍ መውጣት አበቃ!» ብዬ ተቆጣሁት። ሳቀ።

ወራት አለፉ፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ምርኩዙንም ጣለ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ሱሪው በወገቡ አልቆም አለ። ከዚያ ከበራችን እስከ አስፋልቱ ያለችውን ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ያው ሐኪም ያንኑ ምርመራ ደገመው። ከበፊቱ በጣም በልጦ መጣ።

«ቁስሉ ነዋ፣ ዶክተር! እየሟሟ ነው ብለውኝ አልነበር?» አልኩ፤ የምለምነው ያህል ነበር።

«ቁስሉማ ከዳነ ቆየ። ደም የሆነ ቦታ እየረጋ እየሟሟ ነው። የትና ለምን እንደሆነ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም። ኢንፌክሽንም፣ ካንሰርም፣ ዕድሜም ከፍ ያደርገዋል። በሲቲ ስካን መታየት አለበት።»

እንደገና ጅማ ወሰድኩት። ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ፤ ጉበቱ ላይ ደግሞ ዕጢዎች። ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ደሙ የሚረጋው በእሱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም አሉኝ። ለሚረጋው ደም መድኃኒት ሰጡን። ስለ ካንሰሩ ስጠይቅ አንዲት የጤና ባለሙያ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ዝም አለች። ያን ዝምታ ጠላሁት። እስከ ዛሬም እጠላዋለሁ።

አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ስገባ ፊቴን አየ።

«ወጥተው አዩት?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ትሉ ነው?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጄን የተሰበረው ጭኑ ላይ አሳረፍኩ። አጥንቱ ጠንክሯል። በደንብ ድኗል።