ለምርመራ የተበላ ገብስ

የታላቅ እህቴ ልጅ በደጋው አገራቸው በመካነ ብርሃን ሳለች ሆዷ ተነፍቶ፣ እግሯ ሰልሎ፣ ተቅማጥ አላስቀምጥ ብሏት ነበር። እህቴ መጀመሪያ የወሰደቻት ጸበል ነው። ሱባዔ ገብተው ልጅቱ ጥሬ ሽምብራ ብቻ እየበላች ሰነበተች፤ ተቅማጡም ቆመ። ከዚያ ጎንደር፣ ፀዳ እኔ ቤት መጡ። እኔ የማበላት የጤፍ እንጀራ ነው፤ በወራት ውስጥ ጉንጯ ሞላ። እህቴ ተአምሩን ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች፤ ተማርኩ ባይዋ እኔም አሜን አልኩ።

የደሟ ማነስ ግን አልስተካከል ስላለ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ ቀድሞ ምን ትበላ እንደነበር ጠየቀች።

«ገብስ ነዋ፤ ቂጣውም በሶውም» አለች እህቴ። «የእህል ንጉሥ እያለ ሌላ ምን ልትበላ። አሁን ግን ካየችው ቆየች፤ ሸጋ ሆናልኛለች።»

ሐኪሟ ደም ይቀዳ ብላ የጻፈችውን ሰረዘችው።

«እናቴ፣ በገብስና በስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ በጤፍና በሽምብራ የለም። የአንዳንድ ሰው ሰውነት እሱን ሲያገኝ የገዛ አንጀቱን ይጎዳል። እኛ በደሟ የምንፈልገው የዚያን ምልክት ነው። መብላቱን ካቆመች ምልክቱ ይጠፋል፣ አንጀቷም እያገገመ ይሄዳል። አሁን ብመረምራት ምንም የለባትም ይለኛል። ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ገብስ ትብላና ትምጣ፤ ከባሰባት ግን ቶሎ አምጧት።»

«የዳነችውን ምን ብዬ መልሼ አሳምማታለሁ?»

«በሽታው ካለባት ዕድሜ ልኳን ገብስ አትቀምስም። ያንን በግምት አልፈርድባትም።»

እህቴ እጄ አይታዘዘኝም ስላለች ቂጣውን እኔ ጋገርኩ። የልጅቱ ሆድ እንደገና ሲነፋ እህቴ አኮረፈችኝ። እኔም ተናደድኩ፤ የማን ልጅ ናትና ነው እኔ መርዘኛ የምባለው? ግን ልጅቱ ጎርሳ ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኔን ወደ ምጣዱ እመልስ ነበር።

የደሙ ውጤት በሽታው እንዳለ ጠቆመ። እህቴ የገብሱን ዱቄት ከቤት ልታወጣ ስትነሳ ሐኪሟ ከለከለች፤ በአፏ ቱቦ ገብቶ ከአንጀቷ ቅንጣት ናሙና እስኪወሰድ ድረስ መብላት አለባት አለች። ያን ቀን ሐኪሟን ጠላኋት።

ናሙናውም ያንኑ አረጋገጠ፤ ሴሊያክ የሚባለው የግሉተን በሽታ ነው።

«ታዲያ ጸበሉስ?» አለች እህቴ ቀስ ብላ።

«እዚያ ገብስ አልበላችም፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ።

ከበሽታው ይልቅ የከበደን የእህቴ አገር ነው። እዚያ ደጋ ላይ ጤፍ አይበቅልም፤ ከገበያ ገዝቶ ዓመቱን መዝለቅም የእሷ አቅም አይደለም። ልጅቱ እኔ ዘንድ እንድትቀር ተስማማን።

መናኸሪያ ስንሸኛት እህቴ ለመንገድ የያዘችውን የበሶ ጭብጦ ፈታች። እንደ ልማዷ ቆርሳ ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች። ልጅቱም አፏን ከፈተች። እህቴ እጇን መለሰችና ጨበጠችው፤ አውቶቡሱ እስኪነሳም አልፈታችውም።