አምስት ሺህ ብር

ሐዋሳ አካውንቲንግ ለማስተማር የመጣሁ ዓመት ከክፍል ውጭ ከሰው ጋር የማወራው እምብዛም ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ከተከራየሁት ክፍል ወጥቼ አስተምራለሁ፤ እመለሳለሁ፤ በሬን እዘጋለሁ። እህቴ ስትደውል እንኳ «ሰው ለመድክ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

የአጋማሽ ፈተና ውጤት በለጠፍኩ ማግስት አንዲት ተማሪ ቢሮዬን አንኳኳች። ከቱላ የምትመላለስ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«መምህር፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ቢያዩልኝ።»

ጥያቄው ስለ ዲፈርድ ታክስ፣ ማለትም ወደፊት ስለሚከፈል ግብር ነበር። አንድ ድርጅት በአንድ ሚሊዮን ብር ማሽን ይገዛል። በራሱ መዝገብ የእርጅና ተቀናሹን በዓመት አንድ መቶ ሺህ ያሰላል፤ የግብር ሕጉ ግን ሁለት መቶ ሺህ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ዛሬ አነስተኛ ግብር ይከፍላል፤ የቀረውን ኋላ ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ መቶ ሺህ፣ ዕዳው በሠላሳ በመቶ የግብር መጣኔ ሠላሳ ሺህ ነው። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ሁለት መቶ ሺህ ይደርሳል። በዚያው ዓመት ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ግብሩን ወደ ሃያ አምስት በመቶ የሚያወርድ ሕግ ይጸድቃል። በዓመቱ መጨረሻ ዕዳው ስንት ነው?

«ሃምሳ አምስት ሺህ ነው» አልኳት። «የድሮው ሠላሳ ሺህ፣ የዘንድሮው ሃያ አምስት ሺህ።»

«እኔ ሃምሳ ሺህ ነው ያልኩት።»

«አይቻለሁ፤ ተሳስተሻል።»

አልወጣችም። «ይቅርታ መምህር፤ የድሮው መቶ ሺህ ልዩነትም ግብሩ የሚከፈለው ወደፊት አይደለም? ያኔ ሠላሳ በመቶ የለም። ታዲያ ለምን ሠላሳ ሺህ ሆኖ ይቀራል?»

ስሌቱን ወረቀቷ ጫፍ ላይ ዳግም ሠራሁት። ልክ ነበረች። ሕጉ ከጸደቀ ዕዳው በሙሉ በአዲሱ መጣኔ እንደገና ይሰላል፤ ከድሮው የሚቀንሰው አምስት ሺህ በዚያው ዓመት የግብር ወጪን ይቀንሳል። የተሳሳተው የእኔ የማረሚያ ወረቀት ነበር።

«አንቺ ነሽ ልክ» አልኳት። በአራት ወር ውስጥ ፊቴ ቆሞ የሞገተኝ ሰው አልነበረም።

«አልተቆጡም?» አለች።

«አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቀመጪ።»

«ታክሲ ያመልጠኛል መምህር፤ እናቴ ብቻዋን ናት» ብላ እየሮጠች ወጣች።

ወረቀቶቹን ሁሉ ዳግም አረምኩ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ፤ ሃምሳ ሺህ ላሉት ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ፤ በእኔ መንገድ የሠሩትንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝና አልቀነስኩባቸውም። አጨበጨቡልኝ። ደወሉ ሲደወል ግን ሁሉም እየተሳሳቁ ወጡ፤ እኔም ሰሌዳውን አጥፍቼ ብቻዬን ምሳ ልበላ ሄድኩ።