አሥሩ የመዝጊያ ደቂቃ

አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በነበረ ትምህርት ቤት ማስተማር ስጀምር፣ የበላዬ የነበሩት ሽማግሌ መምህር የክፍለ ጊዜውን አርባ ደቂቃ ከፋፍለው ነገሩኝ። «አሥሩ ለመክፈቻ ነው፤ የእጅ ሰሌዳና ጠመኔ ማደል ብቻውን አምስት ይበላብሃል። ሃያውን አሠራቸው። በቀረው አሥር የእያንዳንዱን አንብብለት።»

እኔ ግን ግትር ነበርኩ። ለመክፈቻ ሁለት፣ ለመዝጊያ ሁለት ይበቃል ብዬ የቀረውን በሙሉ ለጽሕፈት አደረግሁት።

ሰሌዳዎቹ የሁለት ክፍል የጋራ ስለነበሩ፣ ደወል ሲደወል ተጠርገው ለሚቀጥለው ክፍል ይሰጡ ነበር።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ ስለ ቤታቸው የፈለጉትን እንዲጽፉ አዘዝኩ። እደላው እንደተባለው ጊዜዬን በላው፤ እኔም ከጽሕፈቱ አልቀነስኩም። ገና እየጻፉ ደወሉ ተደወለ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ሰሌዳዋን አቅፋ መጣች።

«መምህር፣ የኔን ያንብቡልኝ» አለች።

የሚቀጥለው ክፍል በር ላይ ቆሟል።

«ነገ አነብልሻለሁ፤ አሁን ጥረጊው» አልኳት ቆጣ ብዬ።

ጥቂት አየችውና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

በነጋታው ቀረች። ተስቦ ይዟት ኖሮ ብዙም ሳይቆይ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ አሥሩን የመዝጊያ ደቂቃ ነክቼ አላውቅም። ምን ያደርጋል።

ለቅሶ ልደርስ ቤታቸው የሄድኩ ዕለት እናቷ ወንበር ሰጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

«የጻፍኩትን ነገ ያነቡልኛል ብላ ስትጠብቅ ነው ያመማት» አሉኝ። «መምህር፣ ልጄ ምን ብላ ነበር የጻፈችው?»