መቀስ ከማንሳት በፊት

ታላቅ እህቴ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ልብስ ትሰፋ ነበር። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ አብሬያት እውል ነበር።

አንድ ጠዋት ከምዕራብ ዓባያ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ኮት ይዘው መጡ። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ነው፤ በልኩ አድርጉልኝ» ብለው መኪና እንዳያመልጣቸው ወደ መናኸሪያ ተጣደፉ። ስልክ የላቸውም።

በማግስቱ ልጁ ራሱ ከዩኒቨርሲቲው ሊለካ መጣ። እጅጌው ጣቶቹን ሸፈነ፣ ትከሻውም ወርዶ ተንጠለጠለ። እንዴት እንደሚፈልገው ስንጠይቀው «ነገሩ የእናቴ ነው፤ እሷ ታውቃለች» ብሎ አቀረቀረ።

እኔ «ሁሉንም እናቱን እንጠይቃቸው» አልኩ። እህቴ ሳቀች።

«ለእጅጌ ብለሽ ምዕራብ ዓባያ መልእክት ልትልኪ? ወደ ውስጥ አጥፈን እንሰፋዋለን፣ ትርፉን አንቆርጠውም። ካልወደዱት ይፈታል። ጎኑም እንደዚያው።»

«ትከሻውስ?»

ትከሻውን ለማጥበብ እጅጌውን ፈትቶ ጨርቁን መቁረጥ ግድ ነው። «እሱን እሳቸው ካልነገሩኝ መቀስ አላነሳም» አለች። «ከቆረጥኩት መመለሻ የለውም።»

ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰለውን አንዱን ቁልፍ ግን ቀየረችው፤ አሮጌውንም ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በዚያ መስመር ለሚሠራ ሾፌር መልእክት ሰጠነው፦ «እጅጌውንና ጎኑን በልጁ ልክ አጥፈነዋል፣ አልቆረጥንም። ቁልፍ ቀይረናል፣ አሮጌው ኪሱ ውስጥ አለ። ትከሻው ግን ካልተቆረጠ አይጠብም። እንቁረጠው?»

መልሱን ይዘው እናቱ ራሳቸው መጡ፤ ሙዝም አምጥተውልናል። እጅጌውን ገለበጥ አድርገው አይተው «ደግ ነው» አሉ። ቁልፉ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ።

«ይሄን መልሱልኝ ልጆቼ። ያንን ቁልፍ ባለቤቴ ነው የሰፋው። ልስፋልህ ስለው እምቢ ብሎኝ፣ ጣቱን በመርፌ እየወጋ!»

እህቴ «እሺ እማማ» አለችና እዚያው ቁጭ ብላ አሮጌውን መልሳ ሰፋችው።

«ትከሻውስ?» አልኳቸው።

«እንዳትነኩት! ገና ልጅ ነው፤ ይሞላዋል።» እጃቸውን ዘርግተው የባለቤታቸውን ትከሻ ስፋት አሳዩን፤ ሳቁ፣ ዓይናቸውንም ጠረጉ።

«ከውስጥ ትንሽ ጥጥ ብናስገባበትስ?» አለች እህቴ። «ሲሞላው ይወጣል።»

በዚህ ተስማሙ።

በምርቃቱ ቀን እናትና ልጅ ወደ ፎቶ ቤት ሲሄዱ በእኛ በኩል አለፉ። ኮቱ አሁንም ሰፋ ይለዋል፤ ልጁ ግን ቀጥ ብሎ ይራመዳል። እናቱ ሆን ብለው ወደ ኋላ ቀሩና በራችን ላይ ቆሙ።

«ከኋላ ሳየው እኮ አባቱን...» አሉ። እህቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ አጠገባቸው ቆመች፤ ልጁ ዞሮ እስኪጠራቸው ድረስ ሦስታችንም እያየነው ቆየን።