እልልታን ያዛወረችው ክትባት ሰጪ

እልልቴ በደብዳቤ እልልታ ተከለከለች ይባላል። ወሬው ሲወራ እንዲህ ነው፦ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አንድ ጠዋት ከቢሮው ዱብ ብሎ ወጣና «ይሄ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ሠርግ ቤት?» ብሎ አፈጠጠባት፤ ወዲያው ደብዳቤ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታ፤ ሴትዮዋም አፏን ይዛ ቀረች። ደብዳቤውን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም። ማኅተሙ ሰማያዊ ነበር ብሎ የሚምል ግን ሞልቷል።

ነጭ ውሸት ነው። ኃላፊው እንኳን ሊከለክላት፣ እልልታውን እንዳታቆም እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም ያልቀረው እሱ ነው። የከለከለችው ራሷ እልልቴ ናት። እንዴት እንደሆነ ይኸው።

እልልቴ ክትባት ሰጪ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ክፍል፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የክትባት ፍሪጅ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት የካርቶን ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የሚሠመር የወር ግራፍ፣ በሩ ላይ ደግሞ እናቶች የሚደረደሩበት ረጅም አግዳሚ ወንበር። ሥራ የጀመረች ሰሞን እናቶች ልጃቸውን አንዴ አስወግተው ይጠፉ ነበር። ሲወለድ መጡ፣ በስድስት ሳምንቱ መጡ፣ ከዚያ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረና በዚያው ቀሩ። ያን ጊዜ አለቆች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ሦስተኛውን ዙር ስንት ልጅ ወሰደ?» ሦስተኛው ዙር ማለት ጭን ላይ ከሚሰጡት መርፌዎች የመጨረሻው፣ በአሥራ አራተኛ ሳምንት የሚሰጠው ነው።

እልልቴም ዘዴ ፈጠረች። አንዲት እናት አሥራ አራተኛ ሳምንት ላይ ስትደርስ፣ መርፌው ወጥቶ ጥጡ ሳይነሳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ እልልልል ትላለች። አግዳሚው ላይ ያሉት ይቀበሏታል። ካርድ ክፍሉ ይቀበላል። ዘበኛው እንኳን፣ ወንድ እልል አይልም እያለ፣ በፉጨት ያግዛል። ልጁ በለቅሶ፣ እናቲቱ በሳቅ እንባ በእንባ ሆነው ይወጣሉ። ወረፋ ላይ ያለችው ባለ ስድስት ሳምንት ደግሞ ይህን አይታ «ለእኔስ መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። «አንቺማ ሁለቴ ከተመለስሽ» ትላታለች እልልቴ። ትመለሳለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የግድግዳው ግራፍ ሽቅብ ወጣ፤ ጤና ጣቢያው የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ ሴትዮዋም እናት አባቷ ባወጡላት ስም መጠራቷ ቀርቶ እልልቴ ተባለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ኩፍኝ ገባበት። ጤና ቢሮውም እሳት እንደለበሰ ሰው ተነሳ፦ ወላጆች የልጆቻቸውን ክትባት እንዲያስጨርሱ ፖስተር በየግድግዳው ይለጠፍ ተባለ። ፖስተሩን የሚያዘጋጀው ልጅ እግር ሠራተኛ ኮምፒውተሩን በብብቱ ሸጉጦ ጤና ጣቢያው መጣ። እልልቴ ገና ሳይቀመጥ «ባለ ፖስተሩ» ብላ ስም አወጣችለት።

«ነገ ከሰዓት በፊት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት» አለ ባለ ፖስተሩ። «የሚቀረኝ መፈክሩ ብቻ ነው። ሦስት አማራጭ ይዤያለሁ።» አነበበ። «ክትባት ሕይወት ነው። ጤናማ ትውልድ በክትባት ይገነባል። ልጅዎን ዛሬውኑ ያስከትቡ።»

ኃላፊው በሁለተኛው መፈክር ልቡ ተነካ።

«የኔ ወንድም» አለች እልልቴ፣ «ይሄን ለማን ነው የምትነግረው?»

«ለወላጆች ነዋ እትዬ። የክትባትን ጥቅም ስለማያውቁ።»

«በዝናብ ጃንጥላ ለልጁ ሰጥታ ራሷ እየበሰበሰች አራቴ የመጣች ሴት ናት ጥቅሙን የማታውቀው? ና እስቲ ወዲህ።»

መዝገቡን ዘረጋችለት። ትልቅ መዝገብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ክትባት አንድ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ የተሰጠበት ቀን። ባለፈው አንድ ዓመት ሦስተኛውን ዙር ወስደው ዕድሜያቸው ዘጠኝ ወር ያለፈውን በጣቷ ቆጠረች፦ ዘጠና አንድ ልጅ። የዘጠነኛ ወሩን የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት ሃምሳ አራት። ቀሪው ሠላሳ ሰባት ሣጥን ባዶ፣ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ። ይህን ባዶነት በየወሩ ሪፖርት ታደርገው ነበር፤ እንዲህ ጎን ለጎን አድርጋ ግን አይታው አታውቅም።

«እንግዲህ ወላጆች መጀመሩን ይጀምራሉ» አለች። «የሚቋረጠው እዚህ ጋ ነው። ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ምን ብለን እንጽፋለን?»

«ሰው ይረሳል» አለ ኃላፊው።

«ሠላሳ ሰባት ሰው አንድ ላይ?»

ከባዶዎቹ ሣጥኖች አንዱ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነበር፤ አሥራ አንድ ወሩ። ሱቋ ከጤና ጣቢያው በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። እልልቴ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች፤ ባለ ፖስተሩም ኮምፒውተሩን እንዳቀፈ ተከተላት። መንገድ ላይ ያዩዋቸው ሰዎች ማታውን ምን እንዳወሩ ሌላ ታሪክ ነው።

ልብስ ሰፊዋ የሲንጀር መኪናዋን ፔዳል አቁማ ተነሳች። ልጁ ከጠረጴዛው ሥር የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጦ ክር ይበላል።

«እትዬ፣ በእግርዎ መጡ! ግቡ፣ ግቡ።»

«ካርዱ የታለ?» አለች እልልቴ ክሩን ከልጁ አፍ እየጎተተች።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ በራ። ግድግዳው ላይ፣ ከሠርግ ፎቶዋ አጠገብ ጠቆመች። የክትባት ካርዱ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ጠርዙ በቀይ ጨርቅ ተከፍፎ፣ በሚስማር ተሰቅሏል። ዲግሪ በሉት። እስክሪብቶ የማያስጽፍ፣ ውኃ የማያስገባ፣ የዘጠኝ ወሩ ሣጥን ባዶውን እንዳለ ለዘለዓለም የታሸገበት።

ባለ ፖስተሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ልጄ» አለች እልልቴ፣ «ይሄን ምን ነክቶሽ አሳሸግሽው?»

«እንዳይቀደድ ነዋ። ትምህርት ቤት ሲገባ ይጠየቃል ብለውኝ።»

«የኩፍኙስ? በዘጠኝ ወሩ ነይ ብዬ ቀኑን በእርሳስ ጽፌልሽ አልነበረም? ያውልሽ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ይታያል።»

«አይቼዋለሁ። ለሚዛን ምናምን መስሎኝ።» ልብስ ሰፊዋ ግራ ተጋባች። «ክትባቱንማ ጨረስን አይደል እንዴ? እርስዎ አይደሉ እልል ያሉልኝ? ያ ሁሉ ሰው ተነስቶ እልል ብሎልኝ፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ለጎረቤት ለስላሳ አጠጥቼ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይቀራል እላለሁ?»

እልልቴ የልብስ ሰፊዋ ደንበኞች የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ቁጭ አለች። ሃያ ዓመት። ሠርጉን በግማሽ መንገድ ላይ ስትደግስ ኖራለች፤ ተጋባዡም በልቶ ጠጥቶ ቤቱ ገባ። ሰው ቢሰማ ምን ይላል? እልልቴ ናት ያስቀረችን ሊል ነው። ደግሞም እልልታው የሷ ነው፤ ያለሱ እሷ ማን ናት? መርፌ የያዘች ሴትዮ። ባለ ፖስተሩ እንደሆነ ምኑም አልገባውም፤ ዝም ብትል ክትባት ሕይወት ነው ተብሎ ይታተማል፣ ይለጠፋል፣ ያልቃል።

ከጠረጴዛው ሥር ልጁ እግሯን ይዞ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። ወንዙ ከዚህ ስንት ነው? ድንጋይ ቢወረውሩ ማዶ ይደርሳል።

«ተነሽ፣ ልጁን እዘይው» አለች ብድግ ብላ። «አንተም ባለ ፖስተሩ ተነስ። መፈክርህን አግኝቼልሃለሁ።»

የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ የሚሆን ነው፤ ተበጥብጦ ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣላል። ብዙ ሰው ለአንድ ልጅ ብሎ ለመክፈት ይሳሳል። እልልቴ ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ብቻ ከፈተችው፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው፦ የመጣ ልጅ ሳይወጋ አይመለስ። ግራ ክንዱን ወጋችው። ከመዝገቡ ላይ ገልብጣ አዲስ ካርድ ጻፈችለት፤ የአሥራ አምስተኛ ወሩን ቀን በትልቁ አከበበችበት። ራሷ ሄዳ ያመጣችው ልጅ ነውና አግዳሚው ላይ ያሉት እናቶች አፋቸውን ለእልልታ አሰናድተው ይጠብቃሉ። እሷ ግን ጥጡን አንስታ አዲሱን ካርድ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት።

«ምነው ዛሬ?» አለች አንዷ።

«ገና ነው» አለች እልልቴ። «አንድ ይቀረዋል።»

ኃላፊው ቢሮ ገብታ ሁሉንም ተናዘዘች። ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ አራተኛው ሳምንት እልልታ የለም፤ እልልታው ወደ አሥራ አምስተኛ ወር፣ ወደ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ይዛወር አለች።

«አብደሻል እንዴ?» አለ ኃላፊው። «የተሸለምነው በሱ! ሦስተኛው ዙር ቢወርድብንስ? ተይ እባክሽ፣ እዚያም እልል በይ፣ እዚህም እልል በይ።»

«ሁለት ቦታ የሚሠረግ ሠርግ የት አይተው ያውቃሉ? ሰው የሚቀረው በመጀመሪያው ነው። መንገዱ ላይ እናጨበጭባለን፣ እጅ ሞልቷል። እልልታ ግን መጨረሻው ላይ።»

ባለ ፖስተሩ ከኃላፊው ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ መጻፍ ጀምሯል። «ይድገሙልኝ እትዬ፣ ይድገሙልኝ።» እልልቴ ደገመችለት፤ እሱ ከላይ ቆረጠ፣ እሷ ከታች ቆረጠች፣ ኃላፊውም ተሸንፎ አንድ ቃል አወጣ። ስድስት ክብ በመስመር ተሣለ፤ ከሥሩ ሲወለድ፣ ስድስት ሳምንት፣ አሥር ሳምንት፣ አሥራ አራት ሳምንት፣ ዘጠኝ ወር፣ አሥራ አምስት ወር ተብሎ ተጻፈ። በስድስተኛው ክብ ውስጥ አፏን ከፍታ እልል የምትል ሴት። ከላይ በትልቁ፦

«አስጨርሱ፣ እልል እንበል!»

ፖስተሩ በሳምንቱ ታትሞ መጣ። ግቢው ሠርግ መሰለ። ዘበኛው መሰላል ያዘ፣ ካርድ ክፍሉ ማጣበቂያ ያዘ፣ ኃላፊው አቅጣጫ ሰጠ፦ «ወደ ግራ፣ አይ ወደ ቀኝ፣ ተዉት እንደነበረ።» ጤና ቢሮ ስልክ ደውሎ አመሰገነ። ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ላኩልን አሉ። እናቶቹ ሥዕሏን ከእልልቴ ጋር እያስተያዩ አፍንጫው አልመጣም ብለው ተከራከሩ። ባለ ፖስተሩ ሁሉንም ከፖስተሩ ሥር ደርድሮ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ቀና አደረገ።

«እትዬ፣ መሐል ይግቡ እንጂ። የሥራው ባለቤት እርስዎ አይደሉ?»

እልልቴ ከክፍሏ ወጣች። ጋዋኗን እንደለበሰች የመንገድ ጫማ አድርጋለች፤ ክትባት የሚጓዝበትን የበረዶ ሣጥን በትከሻዋ አንግታለች፤ መዝገቡ በእጇ ነው።

«ይሄ ፖስተር ወደፊት ለሚመጡት ነው» አለች። «ሠላሳ ስድስቱ ቤታቸው ካርድ ሰቅለው ተቀምጠዋል። እልል ብዬ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ፣ እኔ እሄዳለሁ፤ መዝገቡን ይዞ የሚከተለኝ ግን ከእናንተ ውስጥ ማን ነው?»