በጉንቮር ስም የሄደው ሦስተኛ ደብዳቤ

ጉንቮር ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ ኖራ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የሳህን ማጠቢያ ማሽን ሻጭ ሆነች። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ነው እንጂ እሷስ ሻጭ የመሆን ሐሳብ አልነበራትም። ሰው ፊት ስትናገር አንገቷ ድረስ ትቀላለች። የኖርሾፒንግ ከተማው ነጋዴ ሲክስተን ግን፣ «ማሽን የሚሸጡልኝ ሁሉ እንፋሎት ፊታቸውን መቷቸው አያውቅም፤ አንቺ ነይልኝ» አላትና በማርች መጀመሪያ ቀጠራት። የሙከራው ጊዜ ስድስት ወር ነው። እስከ ኦገስት መጨረሻ አንድ ትልቅ ማሽን ከሸጠች ጠረጴዛው የሷ፤ ካልሸጠች ደግሞ ደህና ሁኚ። ነገሩ ይኸው ነው።

የሽያጭ ኃላፊው ሜልከር ይባላል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያጠበው ሳህን ቢደረደር ለአንድ እራት አይበቃም። ስቶክሆልም ሄዶ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ግን፣ ሙሴ ከተራራ ሲወርድ እንኳ እንደዚያ አልኮራም። ያመጣው ነገር «መሰላል» ይባላል። ደንበኛው ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በሻጩ ስም ደብዳቤ ይልክለታል። አሁንም ዝም ካለ ሌላ። አሁንም ዝም ካለ የመጨረሻውን።

«ሰው ለምን ዝም እንደሚል ታውቃላችሁ?» አለ ሜልከር በስብሰባው ላይ፤ የሄል ቂጣውን እያላመጠ። «ይረሳል! አንተ ደግሞ መልሰህ ጭንቅላቱ ላይ ትወጣለህ።»

«ዝም የሚለው ገና የሚለው ነገር ስለሌለው ቢሆንስ?» አለች ጉንቮር፤ ድምጿ ግን ከቂጣው በላይ አልተሰማም።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

በጁን አጋማሽ ላይ ጉንቮር አንድ ደንበኛ ይዛ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በባሕሩ ዳር ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ኤስቢዮርን ይባላል። ወጥ ቤቱን ዞራ አይታለታለች፤ ጎንበስ ብላ የውኃ መውረጃውን ሁሉ ዳብሳለች። ሊሸኛት ወደ በሩ ሲወጣ፣ «እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ቦርዱ ኦገስት ሃያ ሰባት ነው የሚሰበሰበው» አላት። እሷም በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ዋጋውን ላከች። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለት መስመር ጻፈችለት፤ ደብዳቤው በደንብ ተከፈተልህ ወይ፣ የኋላ በራችሁስ ስፋቱ ስንት ነው ብላ። አልመለሰም። ይህ አልከነከናትም። የዚያ አገር ሰው አንዴ ቀን ከነገረህ ነገረህ ነው፤ ቀኑ እስኪደርስ ምን ብሎ ይጽፍልሃል?

ሜልከር ግን የደንበኞቹን ዝርዝር አይቶ ጮኸ። «ይኼ ሰውዬ ሞቷል! ሁለት ሳምንት!»

«አልሞተም፤ ቦርዱ በኦገስት...»

«ተዪው፣ መሰላሉ ላይ አስገብቼልሻለሁ። አንቺ ዕረፍትሽን ውጪ።»

እዚህ ላይ «አውጣው» ማለት ነበረባት። አላለችም። ቀላች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ሄደች። ይህን ጥፋት ሜልከር ላይ ብቻ መጫን አይቻልም።

በጁላይ መሥሪያ ቤቱ እንደ አገሩ ሁሉ አራት ሳምንት ይዘጋል። ሰው ሁሉ ወደ በጋ ጎጆው ይገባል፤ ውኃ ዳር ተቀምጦ ትንኝ ይመታል። ሲክስተን ዕረፍት ወጣ፣ ሜልከር ዕረፍት ወጣ፣ ጽዳት ሠራተኛዋም ወጣች። መሰላሉ ብቻ ዕረፍት የለውም። ባዶ ቢሮ ውስጥ ሆኖ በጉንቮር ስም ሲጽፍ ከረመ።

በዓመቱ ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት፣ በኦገስት መጀመሪያ፣ ተመልሳ የተላኩትን ስትከፍት ክው አለች። ጁላይ አንድ፦ «ሰላም ኤስቢዮርን! ደብዳቤዬ ከሌሎቹ ሥር እንዳይቀበር ወደ ላይ ላውጣልህ ብዬ ነው! ምን አሰብክ?» ይህ ሁለተኛው ማስታወሻ መሆኑ ነው። ሰውዬው ወደ ላይ አውጡልኝ ብሎ የለመነ ይመስል! በውስጡ አንድ አዲስ ነገር የለም፤ «አየኸኝ? አየኸኝ?» ብቻ። ሦስተኛው ጁላይ አሥራ አምስት ነው፦ «መልስ ስላልሰጠኸኝ ፍላጎት እንደሌለህ ተረድቻለሁ። ፋይልህን ዘግቻለሁ። መልካም ዕድል!»

«ሜልከር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«እሱማ ምርጡ ነው!» አለ፤ ፀሐይ የላጠውን አፍንጫውን እያሻሸ። «ልትዘጊበት ነው ሲባል ሰው ይደነግጣል። ሮጦ ይመጣል።»

«መጣ?»

«እስካሁን... አልመጣም።»

«ዘግቻለሁ ካልከው ዘግታለች ይላል እንጂ ለምን ይሮጣል?»

«በሥልጠናው ላይ ከመቶ ሰባው ይመልሳል ብለዋል።»

ያሠለጠነው ሰው ኤስቢዮርንን አያውቀውም። ኤስቢዮርን «በሩ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ካየ እጀታውን እንኳ ሳይሞክር ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። የሚያስፈራሩት የሚደነግጥላቸውን ሰው ነው፤ ቃልን እንደ ቃል የሚወስደው ግን እሺ ብሎ ይሄዳል። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ስቶክሆልም መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ አብሮት ቆሞ ድንች መላጥ ይበቃል።

«አሁኑኑ ጻፊለት!» አለ ሜልከር። «ዛሬ! አስቸኳይ በይበት!»

ጉንቮር አልጻፈችም። ዕረፍት ላይ ላለው ለኤስቢዮርን ኮምፒውተሩ በራሱ የሚመልስለት መልስ «እስከ ኦገስት አሥር የለሁም» ይላል። ሰኞ ሲገባ ሦስት መቶ ደብዳቤ ይጠብቀዋል፤ የሰኞ ደብዳቤ በጅምላ የሚሰረዝ ደብዳቤ ነው። ማክሰኞ ሠራተኛ የሚደለድልበት ነው። ረቡዕ የምግብ ማዘዣ። ይህን የምታውቀው በወጥ ቤት ስለኖረች ነው። ሐሙስ፣ ምሳ ከተነሣ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሰው እጅ ቡና ይገባል። ሐሙስን ጠበቀች። ሜልከር በየቀኑ ሁለቴ በጠረጴዛዋ በኩል እያለፈ በረጅሙ ተነፈሰ።

ሐሙስ በዚያው በድሮው ደብዳቤ ሥር፣ አዲስ ርዕስ ሳትጨምር፣ ሁለት ጣቷን እያመላለሰች ጻፈች፦

«ሰላም ኤስቢዮርን። በጁላይ በስሜ የመጡትን ሁለት ደብዳቤዎች እርሳቸው። የላካቸው ኮምፒውተር ነው፤ ስላልከለከልኩት ጥፋቱ የኔም ነው። ምንም አልተዘጋም፤ ዋጋው እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይጸናል። ቦርዱ በሃያ ሰባት እንደሚሰበሰብ ነግረኸኛል፤ ከዚያ በፊት መልስ አልጠብቅም፣ አልጽፍልህምም። የኋላ በራችሁ ጠባብ ስለመሰለኝ ማሽኑ ተፈታትቶ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ ሥዕል አያይዣለሁ፤ ለዚያ የተለየ ክፍያ የለም። ሌላ መርጣችሁ ከሆነ ‹አይ› በለኝ፣ ይበቃኛል። ጉንቮር።»

ሜልከር በትከሻዋ ላይ አንብቦ አናቱን ያዘ። «‹አይ በለኝ› ይባላል? እምቢታን ታጎርሺዋለሽ?»

«አይ ካለኝ አውቀዋለሁ። ዝም ካለኝ ግን ምን አውቃለሁ?»

«ደግሞ ይቅርታ ጠየቅሽ! ሻጭ ይቅርታ አይጠይቅም።»

«ታዲያ ማን ይጠይቅልኝ?» አለች። ይህን ያህል ረጅም ክርክር ገጥማ አታውቅም፤ አንገቷ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ ነበር።

በማግስቱ መልስ መጣ። «ዘግቻለሁ ብለሽኝ ስለነበር በጁላይ ከሌላ ድርጅት ዋጋ ጠየቅኩ። ሁለታችሁንም ለቦርዱ አቀርባለሁ። ኤስቢዮርን።»

ጉንቮር ወንበሯ ላይ ተለጠፈች። በጁን ብቻዋን ነበረች፤ ለመሰላሉ ምስጋና ይግባውና አሁን ተፎካካሪ አላት። ሜልከር ግን በቢሮው የሽያጭ ሰሌዳ ላይ «ምላሽ ተገኘ» ብሎ በአረንጓዴ ጻፈ።

«አሁን በየሁለት ቀኑ ነው መጻፍ ያለብሽ» አላት። «ሌላው እየጻፈለት ነው!»

«አልጽፍም ብዬዋለሁ።»

«ማን ይቆጥርብሻል?»

«እሱ።»

ሁለት ሳምንት ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እጇ ስንት ጊዜ ወደ ቁልፎቹ ሄዶ ተመልሷል። አንዴማ «እንዴት ነህ» ብቻ ብላ ጽፋ አጠፋችው። የሙከራው ጊዜ የሚያልቀው ሰኞ በሠላሳ አንድ ነው፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው ሐሙስ በሃያ ሰባት። ሐሙስ ማታ ሜልከር «አሁንስ?» ሲላት፣ «ሰውዬው የስብሰባውን ወንበር ይሰብስብ፣ ይተኛ» አለችው።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጉንቮር ነሽ? ኤስቢዮርን ነኝ። ያንቺን ወስደናል፤ ማዘዣውን ዛሬ እልካለሁ።»

«እሺ» አለች።

«የሌሎቹ በዋጋ ትንሽ ይረክሳል፤ እውነቱን ልንገርሽ። ግን በየሁለት ቀኑ እየጻፉ ነፍሴን አወጧት። ሦስተኛው ላይ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ዝም ያልከው አንድ፦ ሥራ በዝቶብህ ነው? ሁለት፦ ፍላጎት የለህም? ሦስት፦ አዞ በልቶህ ነው? ቁጥሩን ብቻ መልስ።› ሰብሳቢያችን ሲግብሪት ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ደብዳቤው ከዋጋው ጋር ተያይዞ ደርሷት ኖሮ በስብሰባው መሃል ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና፣ ‹ማሽኑ ሲበላሽ የምንደውለው ለነዚህ ነው?› አለች። ያንቺንም አነበበች፤ ‹ይህቺ ቀኑን ታስታውሳለች› አለች። የበሩንም ሥዕል አዩት። አለቀ።»

ጉንቮር ስልኩን አስቀመጠች። ሲክስተን ከክፍሉ ወጣ፤ ሰምቷል። «ጠረጴዛው ያንቺ ነው» አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ሜልከርም ደስ አለው፤ እሱስ ምን ጊዜም ደስ ይለዋል። «አያችሁ!» አለ ለሁሉም። «በጁላይ ባናስደነግጠው ኖሮ እስካሁን ተኝቶ ነበር! መሰላሉ ሠርቷል!» ሲክስተንም ግማሹን አመነው መሰለኝ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ባለማወቅ የሚኮራ ሰው ሁልጊዜ ድርሻውን አያጣም።

ጉንቮር ከወንበሯ ተነሣች። ቀልታለች፤ ግን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰማት።

«ሜልከር፣ ስሜን ከዚያ ነገር አውጣው።»

«አይሆንም እኮ፤ ደብዳቤው ከሰው መምጣት አለበት። የሆነ ስም ይፈልጋል።»

«የራስህን አስገባ» አለችውና ማዘዣውን ልትቀበል ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።