ግድግዳውን የመሰለው ቡፌ

ቆቦ ላይ ለበዓል ቤቱን የማያስቀባ ሰው ወይ ተከራይ ነው፣ ወይ ሰነፍ ነው። እኔ ሰነፉ ነኝ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ስንፍናዬን ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ቀለም ቀቢውን ጠርታ፣ ዋጋ ተከራክራ፣ እኔን ከነጋዜጣዬ ወደ በረንዳ ታስወጣኛለች። እሷ ከሞተች በኋላ ግድግዳው ሁለት ዓመት ሳይነካ ከረመ። በሦስተኛው ዓመት አፈርኩና ሳሎኑን ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ አስቀባሁት። ፎቶ አንስቼም አዲስ አበባ ለምትኖረው ልጄ ላክሁላት።

ያለችኝ አንድ ልጅ ነች። ለእናቷ ተዝካር መጥታ አንድ ሌሊት አድራ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለችም። በስልክ አትጠፋም። በስልክ ግን ቤት አይሞላም።

«ግድግዳው ያምራል አባዬ» አለችኝ። ድምጿ ግን ደስ ያላት ሰው አይመስልም።

«ምነው?» አልኳት።

«ቡፌው። እሱን ሳይ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከፊቱ የቆመች ይመስለኛል። የተዝካሩ ለት ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን ነው ያነጋሁት። እሱን እያየሁ እዚያ ቤት ማደር አልችልም።»

«እሸጠዋለሁ።»

«እንዳትሸጠው!» ብላ ጮኸችብኝ። «እንዳትሸጠው። ብቻ አልየው።»

ቡፌው የዋንዛ ነው። በተጋባን ዓመት እዚሁ ቆቦ ያሠራነው፣ ዕድሜ ያጠቆረው፣ ከበሩ ትይዩ የተገተረ ዕቃ ነው። ሌላ ክፍል እንዳልወስደው በበር አይወጣም፤ ጣሪያው ከመመታቱ በፊት የገባ ነው። ዕቃ ሳይሸጥ የማይታየው እንዴት ነው እያልኩ ሁለት ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳውን አየሁና ገባኝ። የግድግዳውን ቀለም ከቀባሁት ዓይን አያርፍበትም። ልጄም ለፋሲካ ትመጣለች።

ከቡፌው ጎን የፋቅሁትን የግድግዳ ቀለም ቅርፊት በወረቀት ጠቅልዬ ገበያው አጠገብ ወዳለው ቀለም ሻጭ ሄድኩ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ድሮ አስተምሬዋለሁ፣ አሁንም «ጋሼ» ነው የሚለኝ። ነጭ የዘይት ቀለም ላይ አረንጓዴ ጠብ አደረገ፣ ቢጫ ጨመረ፣ በጣውላ ቁራጭ ላይ ቀባና ከቅርፊቱ ጎን ፀሐይ ላይ አስቀመጠው።

«አንድ ነው እኮ» አልኩት።

«እርጥቡን አትመን ጋሼ። ሲደርቅ ሌላ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሲደርቅ ጠቆረ። ነጭ ጨምሮ እንደገና ሞከረ። የግድግዳው ቀለም ስለማያብረቀርቅ ይሄም ፈዛዛው ዓይነት መሆን አለበት፣ አለዚያ መልኩ ቢገጥም እንኳ በመስኮቱ ብርሃን ይለያል አለኝ። ውስጡን ደግሞ እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ፤ ብርጭቆው ሁሉ ወር ሙሉ ቀለም ቀለም ይሸታል አለ። በመጨረሻ፣ «መጀመሪያ በደንብ አጽዳው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን «መመሪያውን አንብቡ» ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ቀባሁት።

የቆላው ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት ነበር የምሠራው። በማግስቱ አብዛኛው አካሉ ደርቆ ጥሩ ሆነ። እግሮቹና ከቀኙ በር እጀታ በላይ ያለው ቦታ ግን አልደረቁም። በሦስተኛው ቀንም ጣት ላይ ይለጠፋሉ። ከእጀታው በላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ በአረንጓዴው ውስጥ ወጣ። ደርቤ ቀባሁት። ተመልሶ ወጣ። «አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?» ብዬ ከቡፌ ጋር ተጣላሁ። ሰው ቢሰማኝ ምን ይል ነበር!

ተመልሼ ለቀለም ሻጩ ነገርኩት።

«ዘይት የነካው እንጨት ነዋ!» አለ። «ዘይት የጠጣ እንጨት ቀለም አይዝም። እግሩን ምን ትቀቡት ነበር?»

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ለምስጥ።»

«እሱስ የማን ቤት የለም! ላይኛውስ?»

ላይኛውንም ማንም ቀብቶት አያውቅም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሚስቴ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ እጇን ሳትታጠብ ነው ብርጭቆ ለማውጣት የምትነሳው። በሩ ስለሚጠብቅ በአንድ እጇ ከእጀታው በላይ ደገፍ ብላ በሌላው ትስበዋለች። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ እዚያችው ቦታ ላይ።

«የሚስቴ እጅ ነው» አልኩት።

ሰውየው የያዘውን ቆርቆሮ አስቀመጠ። ለቀብሯም መጥቶ ነበር። «አላህ ይማራት» አለ። ቀጥሎም፣ «አብሽር ጋሼ፤ ይለቃል። እግሩን ተወው፣ ጥቁር ይሁን፣ ምስጥም አይደርስበት። ላይኛውን ግን የቀባኸውን ፋቅና በቲነር እጠበው። ጨርቁን እየቀያየርክ፣ ንጹሕ እስኪወጣ። ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ። ሲደርቅ ፈግፍገህ መጀመሪያ ይቺን ፕራይመር ቀባ፣ እድፍ ታፍናለች» አለኝ። ትንሽ ቆርቆሮ ሰጠኝ።

ቤቴ ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ለስላሳውን ቀለም በቢላ ስፍቀው ቡናማው ሙሉውን ወጣ። እጄን አስቀመጥኩበት። የእኔ እጅ ይበልጣል። ልተወው አሰብኩ፤ ልጄ ግን ከሩቅ የምታየው ይህንኑ ነው። እናቷ ከቡፌው ፊት የምትቆመው እዚችው እድፍ ላይ ተደግፋ ነው። ቲነሩን ጨርቅ ላይ አፈሰስኩና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጨርቅ ቡናማ ሆነ። ሁለተኛውም። አራተኛው ላይ አለቀስኩ፤ ቲነሩ ነው ብዬ ራሴን እንኳ አልዋሸሁም። ስድስተኛው ንጹሕ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቀለሙ ያዘ። ሁለት ጊዜ ደረብኩት። እንዳይጣበቁ በሮቹን ገርበብ አድርጌ አደረቅኋቸው። ሲያልቅ ደጅ ቆሜ አየሁት፤ ዓይኔ በግድግዳው ላይ ሳይቆም አለፈ።

ልጄ ለፋሲካ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። እኔ ፊቷን እጠብቃለሁ።

«ውይ፣ ቤቱ እንዴት ሰፍቷል!» አለች።

አራት ቀን ቆየች። በሁለተኛው ቀን ብርጭቆ ከራሱ ከቡፌው አወጣች፤ እጀታውን ብቻ ይዛ ሳበችው። እንቅልፍ ጠገበች፣ በላች፣ ሳቀች፣ በስንፍናዬ ቀለደችብኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ አለኝ ስል ከልቤ ነው። «ለመስከረም እመጣለሁ» ብላኝ ከመናኸሪያው በሚኒባስ ሄደች።

ብቻዬን ተመልሼ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጥጉ ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለካ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያንን የእጇን ቦታ አየው ነበር፤ ለካ እኔን ያስቀመጠኝ፣ ልጄን ያባረራት ያው አንድ ነገር ነበር።

ተነሥቼ የቡፌውን የቀኝ በር ሳብኩት። ውስጡ ያው የጥንቱ ጥቁር ዋንዛ ነው፤ በሩ ከጀርባው ሲታይ፣ ከታችኛው ጠርዝ፣ ገርበብ ሲል ጣቶቿን አስገብታ የምትከፍትበት ቦታ ላይ፣ ከእንጨቱም የጠቆሩ አራት ትንንሽ የጣቶቿ እድፎች አሉ። የቅቤዋ ሽታም አልጠፋም።

አሁን ሰው ሲያንኳኳ እዘጋዋለሁ። ለመስከረም ልጄ ስትመጣም እዘጋዋለሁ። በሌላው ጊዜ በሩ ክፍት ነው።